ቃለ መጠይቁ ከጾምና ከጸሎት ሰዓት ጋር ሲጋጭ፦ ጥያቄና መልስ ከጋሽ ምንተስኖት ጋር

ጋሽ ምንተስኖት ባሕር ዳር ውስጥ በሰው ሀብት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርተዋል። የቃለ መጠይቅ ተራ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ጥያቄ ይቀበላሉ።

ሰሚራ (ባሕር ዳር)፦ ጋሼ፣ አንድ የግል ድርጅት ለዓርብ 6:30 ቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ጁምዓ ነው። እምቢ ያልኩ ሳይመስል እንዴት ላስቀይር?

ጋሽ ምንተስኖት፦ ዛሬውኑ ደውዪ። ነገ ከሆነ ይከብዳል። የተራው ዝርዝር እንዴት እንደሚወጣ ስለማውቅ ነው ይህን የምልሽ። ዝርዝሩን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ኃላፊው አይደለም፤ የደወለችልሽ ልጅ ናት። ለፈታኞቹ እስኪደርስ ድረስ ያንቺን ስም ከሌላ ሰው ጋር ማቀያየር ለእሷ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከደረሰ በኋላ ግን ፈታኞቹን አንድ በአንድ ማስፈቀድ ሊኖርባት ነው። ያኔ «ይቺ ልጅ ገና ሳትቀጠር» መባል ይመጣል።

የምትዪው ይህን ነው፦ «ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ዓርብ እመጣለሁ። ከ5:30 እስከ 7:30 ብቻ አይመቸኝም። ጠዋት 3 ሰዓት ወይም ከሰዓት 8 ሰዓት ብታደርጉልኝ ሁለቱም ይሆነኛል።»

«እመጣለሁ» መጀመሪያ ይውጣ። ቀኑን አትንኪ። «ሌላ ቀን ይሁንልኝ» ያልሽ እንደሆነ ሰሚው የሚይዘው አለመምጣትሽን ነው። ስልኩን እንደዘጋሽ ያንኑ በአጭር መልእክት ላኪላት፤ ብትረሳው ስልኳ ላይ ይቆያታል።

5:30 ያልኩሽ በምክንያት ነው። በኛ አካባቢ ዙህር ሲገባ 6:15 ቢፈጥን፣ 6:45 ቢዘገይ ነው። ከዚያ ኹጥባው አለ፣ ሶላቱ አለ፣ መንገዱም አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ይዘጋል። ስለዚህ ሰዓቱን ስትጠሪ ለማንም ጆሮ እንግዳ አይሆንም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ጠዋት እንሰጥሻለን ካሉ 5 ሰዓትን አትቀበዪ። ፈታኝ ይዘገያል። የ5 ሰዓቷ 6 ሰዓት ላይ ትገባለች። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰዓት ማየት ደግሞ ከማስቀየሩ ይብሳል።

አብዱ፦ ለምን ትደብቃለች? ጁምዓ አለብኝ ብትል ምን ነውር አለው? አገር የሚያውቀው ነገር ነው።

የማርቆስ ልጅ፦ እኔ ሃይማኖት ሳነሣ ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ። ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ ማለት ይሻላል።

ጋሽ ምንተስኖት፦ ሐኪም ቤትን ተው! ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ናት፤ ከመስጊድ ስትወጣ የሚያያት አይጠፋም። ከጠየቋት «የጁምዓ ሶላት ነው» ትበል። አለቀ። ካልጠየቋት ሰዓቱ ብቻ ይበቃል። ይቅርታ ማብዛትም አያስፈልግም።

አብዱ፦ እኔ አሁንም መጀመሪያውኑ መናገር ነው የምለው።

ዲያቆኑ (ሞጣ)፦ በሁዳዴ ሰሞነኛ ነኝ። ቃለ መጠይቁን ረቡዕ 8 ሰዓት አደረጉት። ያኔ ቅዳሴ ውስጥ ነኝ።

ጋሽ ምንተስኖት፦ ያንተን መጀመሪያ የምትጠይቀው ቀጣሪውን አይደለም፤ ባልንጀራህን ነው። ለዚያች አንድ ቀን የሚተካህ ዲያቆን ፈልግ። ለደብሩ አስተዳዳሪም አስቀድመህ ንገር። ዲያቆናት ሲተካኩ የኖሩ ናቸው፤ አንተም በእሱ ሰሞን ትከፍላለህ።

የሚተካህ ከጠፋ ግን ደውል። በሁዳዴ የአዘቦት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ ያንተ ነው። ያ ትልቅ አቅም ነው፦ «ረቡዕ እመጣለሁ፤ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 5 ሰዓት በፈለጋችሁት ሰዓት ጥሩኝ።» ሰሚራ የሰጠችው ሁለት አማራጭ ብቻ ነው፤ አንተ ግማሽ ቀን ሙሉ ትሰጣለህ። እንዲህ የሚል ሰው እምቢተኛ አይመስልም።

የጽሑፍ ፈተና ከሆነ ግን አትድከም። ለሁሉም በአንድ ሰዓት ነው የሚሰጠው፤ ላንተ ለብቻህ ካስፈተኑህ ጥያቄው ወጣ ማለት ነው። ያኔ ተተኪ መፈለግ ብቻ ነው መፍትሔው።

ብርቱካን (ፍኖተ ሰላም)፦ ጾመኛ ነኝ፤ ምን ብዬ ልንገራቸው?

ጋሽ ምንተስኖት፦ ምኑን ነው የምትነግሪያቸው? ጾም ቃለ መጠይቅ አይከለክልም። ጥያቄሽን አብራሪ።

ብርቱካን፦ ሐይቅ ዳር ሆቴል ምሳ እየበላን እናወራለን ነው ያሉኝ። ዓርብ 6:30። እኔ እስከ 9 ሰዓት አልቀምስም።

ጋሽ ምንተስኖት፦ እንዲህ ጠይቂ እንጂ! ሂጂ። ግን ከመሄድሽ በፊት በስልክ፦ «በደስታ እመጣለሁ። ጾም ስለሆንኩ እናንተ እየበላችሁ እናወራለን፤ እኔን እንዳትጠብቁ።» ይህን ገበታ ላይ ከተናገርሽ ጋባዡ ያፍራል፣ ምሳው ይቀዘቅዛል፣ ወሬው ሁሉ ስለ ጾም ይሆናል። አስቀድመሽ ከነገርሻቸው ምናልባት እነሱ ራሳቸው ቢሮ ያደርጉታል።

የጣና ልጅ፦ ሐይቅ ዳር ከሆነማ ዓሣ አለ! ዓሣ ብላ ማን ይከለክላታል?

ዲያቆኑ፦ ዓሣ በጾም አይበላም። ማን ፈቀደልህ?

የጣና ልጅ፦ አያቴ ዘጌ ተወልዳ ያደገች ናት። ስትበላ ነው የኖረችው።

ዲያቆኑ፦ አያትህ ቀኖና አይደሉም።

ጋሽ ምንተስኖት፦ ዓሣውን ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት። ደግሞ ልጅቷ እስከ 9 ሰዓት አልቀምስም ነው ያለችው፤ ዓሣም ሽሮም ያው ነው።

ወርቁ (ደጀን)፦ ቀጠሮው በ21፣ በማርያም ዕለት ነው። ላስቀይር?

ጋሽ ምንተስኖት፦ አታስቀይር። ጠዋት ኪዳን አድርሰህ ሂድ። በወር ስንት በዓል አለ? ለሁሉም ካስቀየርክ እውነትም እምቢ እያልክ ነው።

ጌጡ፦ በ12 ሚካኤል ቢሆንስ?

ጋሽ ምንተስኖት፦ ከፍ ብለህ አንብብ።

ሐያት (ዳንግላ)፦ በረመዳን ጠዋት ልጠይቅ ወይስ ከሰዓት?

ጋሽ ምንተስኖት፦ ጠዋት። አፍ ሳይደርቅ።

የቡሬ ልጅ፦ ሁዳዴ ላይ ነን። አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት በኢሜይል 8:30 ብሎ ቀጠረኝ። ከቅዳሴ ጋር ይጋጭብኛል፤ ምን ብዬ ላስቀይር?

ጋሽ ምንተስኖት፦ ቆይ! ምንም እንዳትጽፍ። ከአጠገቡ AM ይላል?

የቡሬ ልጅ፦ አዎ፣ ይላል።

ጋሽ ምንተስኖት፦ እንግዲያው በኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2:30 ነው። ምንም አይጋጭብህም። ብዙ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጽፉት። ስንቱ ሰው ያልተጋጨበትን ሰዓት አስቀይሮ ሰው አሰልችቷል። ከዚያም የከፋ አለ፤ ዝም ብሎ ከሰዓት 8:30 ሄዶ ፈታኞቹ ተበትነው የደረሰ። AM ወይም PM ባይኖር እንኳ መጀመሪያ «ከጠዋቱ 2:30 ማለታችሁ ነው?» ብለህ አረጋግጥ። ማስቀየር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ሰሚራ፦ ጋሼ፣ ደወልኩ። «ለኃላፊው ነግረን እንደውልልሻለን» አሉኝ። ምን ማለት ነው?

ጋሽ ምንተስኖት፦ ገና አልተቀየረም ማለት ነው። በዝርዝሩ ላይ አሁንም 6:30 ነው ያለሽው። ነገ ከ5 ሰዓት በፊት ካልደወሉ አንቺ ደውዪ። «ተቀየረልኝ ወይ?» አትበዪ፤ አይ ማለት ይቀላቸዋል። «ለ3 ሰዓት ነው ወይስ ለ8 ሰዓት የያዛችሁልኝ?» በዪ።

ሰሚራ፦ ሁለቱንም አንችልም ቢሉስ?

ጋሽ ምንተስኖት፦ ያኔ እኔ አልመርጥልሽም። ግን መልስሽን ሳትደውዪ ወስነሽ ያዢ፤ ስልኩ ላይ ስታመነቺ እንዳትገኚ።