ዕቃ መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ በዓመት ስንት በመቶ ይበላል? ጥያቄና መልስ

ዕቃን መጋዘን ውስጥ ይዞ መቆየት የሚያስከትለውን ወጪ የማቆያ ወጪ እንለዋለን፤ የሚለካውም ከአማካይ ክምችቱ ዋጋ በዓመት ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። አራት ክፍሎች አሉት፦ በዕቃው የታሰረው ገንዘብ ማለትም ካፒታሉ፣ የማስቀመጫው ወጪ፣ ዕቃው ሲያረጅ የሚጠፋው ዋጋ፣ እና ጉድለት። ስለ እነዚህ የመጡትን ጥያቄዎች በአንድ ምሳሌ እመልሳለሁ። አንድ የመለዋወጫ ዕቃ ድርጅት አለ እንበል፤ ዓመቱን ሙሉ በአማካይ በግዢ ዋጋ 2,000,000 የሚያወጣ ዕቃ ይይዛል። በመሸጫ ዋጋ አላልኩም፤ መሸጫውን ከያዛችሁ መቶኛው ያለ አግባብ ዝቅ ይላል።

ዕቃውን የገዛነው በብድር ሳይሆን በራሳችን ገንዘብ ነው። ታዲያ የካፒታል ወጪው ዜሮ አይሆንም?

አይሆንም። ገንዘቡ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ሌላ ቦታ አይሠራም። ሌላ ቦታ ቢሠራ ኖሮ የሚያመጣው ነው ወጪው። ድርጅታችን 14 በመቶ ከያዘ በዓመት 280,000 ይሆናል። ደረሰኝ ስለሌለው ይዘለላል እንጂ ብዙ ጊዜ ከአራቱ ትልቁ እሱ ነው።

እኛ የባንክ ወለዱን ነው የምንይዘው። ፋይናንስ ክፍል ግን ባለቤቶቹ የሚጠብቁት ትርፍም ይግባ ይላል። ማነው ልክ?

ክምችቱ ሲቀንስ የሚለቀቀው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? ብድር የሚከፈልበት ከሆነ ወለዱ ይበቃል። ለሌላ ሥራ የሚውል ከሆነ ፋይናንሶቹ ልክ ናቸው። እኔ ወደ እነሱ አደላለሁ፤ የሚከራከሩኝ የሥራ ባልደረቦች ግን አሉ።

ኪራይ፣ ጥበቃ፣ መብራት፣ ኢንሹራንስ፣ ሁሉንም ስደምር 300,000 መጣ። ይህንን በ2,000,000 ላካፍል?

ቆይ! እያንዳንዱን ወጪ አንድ ነገር ጠይቀው፦ ክምችቱ በሩብ ቢቀንስ አንተ ትቀንሳለህ? መጋዘኑ ለአምስት ዓመት የተፈረመ ኪራይ ከሆነ፣ ግማሹ ባዶ ቢሆንም ያው ነው የምትከፍለው። ጥበቃውም እንደዚያው። የሚቀንሱት ኢንሹራንሱ፣ በፓሌት የሚከፈለው ተጨማሪ ቦታና ዕቃ የማገላበጡ ጉልበት ናቸው። በምሳሌያችን እነዚህ 120,000 ናቸው፤ 6 በመቶ ማለት ነው። 300,000ውን ብትወስድ 15 በመቶ ይሆንና በማይድን ወጪ ምክንያት ክምችትህን ታሳንሳለህ። ባዶውን ቦታ ለሌላ ማከራየት የምትችል ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ኪራዩም ይገባል።

እኛ የኮምፒውተር ዕቃ ነው የምንሸጠው። አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር አሮጌውን በቅናሽ እናራግፋለን። ይሄ የሽያጭ ቅናሽ ነው ወይስ የማቆያ ወጪ?

ዕቃው በመቆየቱ የመጣ ቅናሽ ከሆነ የማቆያ ወጪ ነው። ከመዝገብ ከተሰረዘው ላይ ሲራገፍ የተገኘውን ቀንሱ። የእኛ ድርጅት 130,000 ሰርዞ 30,000 መልሶ አገኘ እንበል፤ ቀሪው 100,000፣ 5 በመቶ ነው። በእናንተ ዓይነት ዕቃ ከዚህ በጣም ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ቶሎ ለሚያረጀውና ለማያረጀው አንድ መቶኛ አትጠቀሙ።

ጉድለታችን በዓመት ካወጣነው ዕቃ ሩብ በመቶ ብቻ ነው። ከቁጥር የሚገባ ነው?

ትንሽ የመሰለህ በሌላ መለኪያ ስላየኸው ነው። ድርጅታችን በዓመት 12,000,000 የሚያወጣ ዕቃ ካወጣ፣ ሩብ በመቶው 30,000 ነው። በአማካይ ክምችት ሲካፈል 1.5 በመቶ ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ፦ ቆጠራ ላይ የታየ ልዩነት ሁሉ ስርቆት ወይም ብልሽት አይደለም። ዕቃው ሳይደርስ ደረሰኙ ከተመዘገበ የወረቀት ስህተት ነው፤ አውጣው። የተበላሸ ዕቃም በስረዛው ውስጥ ከተቆጠረ እዚህ አይደገም።

የትራንስፖርቱ ወጪስ የት ይገባል?

እሱ የማምጫ ወጪ ነው፤ የግዢ ዋጋው ውስጥ ገብቷል።

አማካዩን ትቼ የዓመት መዝጊያውን 1,600,000 ብወስድስ?

ለመዝጊያ ሲባል ክምችት ይራገፋል፤ ስለዚህ ያሳስታል። የየወሩን መጨረሻ ወስደህ አማካዩን አስላ። ካፒታሉ ራሱ በመቶኛ ስለሆነ 14 እንዳለ ይቀራል። የቀሩት ሦስቱ 250,000 ግን ከ12.5 ወደ 15.6 በመቶ ይዘላሉ።

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? 25 በመቶ ይዞ መሥራት ነዋ!

የትዕዛዝ መጠን ለማስላት ከሆነ ብዙም አልተሳሳትክም። ቀመሩ ስኩዌር ሩት ስላለው በ25 ፋንታ 20 ብትይዝ ትዕዛዙ በ12 በመቶ ገደማ ብቻ ያድጋል። የጅምላ ቅናሽ ሲመጣ ግን ያዋርድሃል። በየወሩ 100,000 የምትገዛውን ዕቃ አቅራቢው «የዓመቱን አንዴ ውሰድ፣ 10 በመቶ ልቀንስልህ» አለህ እንበል። 120,000 ታተርፋለህ። አማካይ ክምችትህ ግን ከ50,000 ወደ 540,000 ያድጋል። በ20 በመቶ ተጨማሪው ማቆያ 98,000 ነው፤ ትገዛለህ። የአራቱ ድምር በሆነው በ26.5 በመቶ ግን ወደ 130,000 ይጠጋል፤ ከትዕዛዝ መቀነስ የምታድነው ልዩነቱን ካልሸፈነው ትተወዋለህ።