መልእክት ከመላክ በፊት የሰውየውን ሥራ ማጥናት

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። የፖድካስት ድምፅ ኤዲተር ነኝ። ለማላውቃቸው አዘጋጆች ስጽፍ ‹ሥራዎን በጣም እወዳለሁ› ከማለት ያለፈ ነገር አጣለሁ። እናንተ ሥራቸውን አስቀድማችሁ የምታጠኑት እንዴት ነው?»

ወንድሜ፣ የምታመሰግንበትን ነገር መፈለግ ትተህ አዘጋጁ የወሰነውን ነገር ፈልግ። ሌላ ማድረግ እየቻለ ይህን የመረጠበት ቦታ የትኛው ነው? ምስጋና ከማንም ይመጣለታል። ምርጫውን አስተውሎ የሚያነሳለት ግን ጥቂት ሰው ነው። አንተም ስትቆርጥና ስትቀጥል ስለምትውል፣ ከእሱ ጋር በእውነት የምትገናኘው እዚያ ላይ ነው።

ውሳኔ ደግሞ በአንድ ክፍል ብቻ አይታይም፤ የሚታየው በለውጥ ነው። ስለዚህ ሦስት ክፍል አዳምጥ፦ ከመጀመሪያዎቹ አንዱን፣ ከመሃል አንዱንና የቅርቡን። ከእያንዳንዱ የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ያህል ከሰማህ ይበቃል። ማዳመጫ መተግበሪያህ ላይ ፍጥነቱን 1x አድርገው፤ ዝምታን የሚያሳጥረውንና ድምፅ የሚያጎላውንም ምርጫ አጥፋ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና አዘጋጁ ሳይሆን መተግበሪያው የሠራውን ነገር ሲያደንቅ ይገኛል።

አንድ ሳምንታዊ የቃለ መጠይቅ ፖድካስት እንውሰድ። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጥያቄና መልስ ትንፋሽ ሳይሰጥ ይከታተላል እንበል። በቅርቡ ክፍል ግን ከባድ ጥያቄ ከተነሳ በኋላ እንግዳዋ ከመመለሷ በፊት 4 ሰከንድ ያህል ዝምታ አለ። ይህ ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ ግን ገና አላረጋገጥህም። ሁለት የቅርብ ክፍሎች ጨምርና በእነሱም ከባድ ጥያቄ የሚነሳበትን ቦታ ፈልግ። እዚያም ዝምታው ሳይቆረጥ ከቀረ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ማለት ትችላለህ። በአንዱ ብቻ ከሆነ ያመለጠ ቦታ ሊሆን ስለሚችል ተወው።

ቀጥሎ የክፍሉን መግለጫ እስከ መጨረሻው አንብብ። ኤዲተር በስም ተጠቅሷል? ከተጠቀሰ ያ ዝምታ የእሱ ውሳኔ ሊሆን ስለሚችል፣ አዘጋጁን በዚያ ማመስገን የሌላ ሰው ሥራ ለእሱ መስጠት ይሆናል። ከዚያም በላይ፣ ቦታው ሰው አለበት ማለት ነው። እንግዲያው ወይ ለኤዲተሩ እንደ ሙያ ባልደረባ ጻፍለት፣ ወይ ኤዲተሩ የማይሠራውን ሌላ ሥራ አቅርብ። ማንም ካልተጠቀሰ አዘጋጁ ራሱ ሳይሆን አይቀርም የሚቆርጠው፤ ግን ይህንን እንደ እርግጠኛ አትጻፍለት፣ ጠይቀው።

አሁን መልእክቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ባለፈው ክፍል እንግዳዋን ሥራውን ለምን እንደተወችው ሲጠይቋት፣ ከመልሷ በፊት ያለውን ዝምታ ሳይቆርጡ ትተውታል። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች እንዲህ ያለ ቦታ አልሰማሁም። እኔም ቃለ መጠይቅ ስሠራ እንዲህ ያለውን ዝምታ አልነካም፤ የሚያስቸግረኝ ከጀርባ ያለው ስስ ድምፅ በድምፅ ማጽጃው አብሮ ሲጠፋ አድማጩ ስልኩ የቆመ ስለሚመስለው ነው። ኤዲቲንጉን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት? ከፈቀዱ ከአንድ ክፍል 2 ደቂቃ ሠርቼ ልላክልዎ።»

ልብ በል፣ ውብ ነው፣ ድንቅ ነው የሚል ቃል የለውም። ደግሞ ከዝምታው ወደ ሥራህ የተሻገረው በዝላይ አይደለም፤ ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ስለ አንድ ችግር ናቸው። መልእክቶች በብዛት የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው፦ መጀመሪያው ስለ ሰውየው፣ ከዚያ «በነገራችን ላይ» ተብሎ ስለ ራስ። ያኔ አንባቢው መግቢያው ማጥመጃ እንደነበረ ወዲያው ይገባዋል።

የደቂቃ ቁጥር ብቻ ጽፈህ አትላክ። ብዙ ፖድካስቶች ላይ ማስታወቂያው ለየአድማጩ እየተለየ ስለሚገባ፣ ለአንተ 12ኛው ደቂቃ ላይ ያለው ለእሱ 14ኛው ላይ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቦታ የሚባለውን ነገር ጥቀስ።

ስህተት ፈልገህ «የእንግዳዎ ድምፅ ያስተጋባል» ብለህ መጀመርንም አልመክርም። እንግዳው በስልክ ተቀድቶ፣ አዘጋጁም ያንን እያወቀ ለቆት ሊሆን ይችላል። ስለ ቤተሰቡና ስለ ጉዞው የለጠፈውንም አትንካ፤ ለሥራ ያወጣውን ብቻ አንሳ።

መልእክቱን ከመላክህ በፊት ስሙን ቀይረህ ለሌላ አዘጋጅ እንደምትልከው አድርገህ አንብበው። ለዚያም የሚሆነውን ዓረፍተ ነገር አውጣው።

ለአንድ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ አትስጥ። በዚያ ጊዜ ምንም ካላገኘህ በግድ የሚያገናኛችሁን ነገር አትፍጠር። «የቃለ መጠይቅ ድምፅ አስተካክላለሁ፣ ናሙናው ይኸው፣ ኤዲተር ይፈልጋሉ?» ብለህ በሦስት መስመር ላክ። ይህ የውሸት ቅርበት ካለበት ረጅም ደብዳቤ የተሻለ ነው።