ከማዘዝህ በፊት ኬዙን ክፈትና ሜትር ያዝ

«ሰላም ቤተሰብ። የአጎቴ ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአሜሪካ ይመጣል፣ አርቲኤክስ 3060 የግራፊክስ ካርድ ላስመጣ ነው። የኮምፒውተሬ ኬዝ መርካቶ የተገዛ፣ ስም የሌለው ነው። ፊቱ ላይ ሦስት ፋን አለው፣ ጎኑ መስታወት ነው። የትኛው 3060 ይገባልኛል? እንዴት ነው የማውቀው?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም እንደ አንተ ካርድ በሰው አስመጣሁ። ኬዙ ሲሸጥ እስከ 300 ሚሊሜትር የሚረዝም ካርድ ይይዛል ተብሎ ተጽፎበታል። ያዘዝኩት ካርድ 282 ነው። 18 ሚሊ ይተርፈኛል ብዬ ተረጋጋሁ። ካርዱ መጣ፣ ኬዙን ከፈትኩ፣ ላስገባው ስል ጫፉ የፊት ፋኑ ላይ ቆመ።

ለካ 300 የተባለው እስከ ኬዙ የፊት ቆርቆሮ ድረስ ነው። ፋኑ ደግሞ ከቆርቆሮው ወደ ውስጥ ነው የታሰረው። የተለመደው የኬዝ ፋን 25 ሚሊ ይወፍራል። ከ300 ላይ 25 ስትቀንስ 275 ይቀራል። 7 ሚሊ አነሰኝ ማለት ነው። ካርዱን አሜሪካ ድረስ ማን ይመልስልኛል? መሃለኛውን ፋን ፈትቼ አወጣሁትና ካርዱን በቦታው አስገባሁ። በጋ ሲመጣ ግን የካርዱ ፋን እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር።

ስለዚህ ያንተ ኬዝ ስም ስለሌለው ብዙ አትዘን። ስም ያለውም ቢሆን የተጻፈው ቁጥር ከፋን ጋር ይሁን ያለ ፋን ሁሌ አይነግርህም። ገጹ ላይ Max GPU Length የሚል ካየህ አጠገቡ ስለ ፋን ወይም ስለ ራዲያተር የተጻፈ ነገር እንዳለ ተመልከት። ከሌለ ያለ ፋን የተለካ ነው ብለህ ብትገምት ይሻልሃል። ፊት ለፊት የውሃ ማቀዝቀዣ ላለው ሰው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ራዲያተሩና ፋኑ ተደምረው ከ50 ሚሊ በላይ ይበላሉ።

አሁን ወደ ልኬቱ። ኮምፒውተሩን አጥፋ፣ ገመዱን ንቀል፣ መስታወቱን ፍታ፣ ኬዙን በጎኑ አስተኛው። የብረት ሜትር ተጠቀም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይለጠጣል፣ እዚህ ደግሞ በሚሊ ነው የምንጣላው። ካርድ ሲታሰር በብሎን የሚያያዝበት የኬዙ ጀርባ አለ አይደል? እሱን ከውስጥ በኩል ጀምር። ሜትሩን በረጅሙ የካርድ ስሎት ትይዩ ቀጥ አድርገህ መጀመሪያ እስከሚያጋጥምህ ነገር ድረስ ለካ። ያ ነገር ፋን ሊሆን ይችላል፣ የሃርድ ዲስክ ሳጥን ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም የታጠፈ ኬብል ነው። ዋናው ከካርዱ ጋር በአንድ ከፍታ ላይ መለካትህ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ፋን ካለ ቁጥሩ በፋኑ ያበቃል።

ካገኘኸው ላይ 10 ሚሊ ቀንስ። ካርድ እንደ መሳቢያ ቀጥ ብሎ አይገባም። ጀርባው ላይ ያለው ብረት ጫፉ በማዘርቦርዱና በኬዙ መሃል ወዳለው ክፍተት መውረድ ስላለበት ካርዱን ትንሽ አዘንብለህ ነው የምታስገባው። ልክ በልክ የሆነ ካርድ በወረቀት ላይ ይገባል፣ በእጅህ ግን አይገባም።

አንድ ምሳሌ ላሳይህ። የጎረቤቴ ልጅ ኬዝ ካንተ ጋር ይመሳሰላል፣ እሱም ስም የለውም፣ ፊቱ ላይ ሦስት ፋን አለው። አብረን ስንለካ እስከ ፋኑ 268 ሚሊ አገኘን። 10 ቀንሰን 258 አልን። ቀጥለን ካርዶቹን አየን። 3060 አንድ ዕቃ ይመስልሃል፣ አይደለም። ቺፑ አንድ ነው፣ ላዩ ላይ የሚገጠመውን ማቀዝቀዣ ግን እያንዳንዱ ድርጅት በራሱ ልክ ይሠራዋል። ባለ 12 ጊጋዎቹን ብቻ ብናይ እንኳ የጊጋባይት ጌሚንግ ኦሲ ባለ ሦስት ፋን ነው፣ ርዝመቱ 282። የኤምኤስአይ ቬንተስ 2ኤክስ ባለ ሁለት ፋን ነው፣ 235። የአሱስ ዱዋልም ባለ ሁለት ነው፣ 200 ብቻ። በአንድ ስም በሚሸጥ ካርድ 82 ሚሊ ልዩነት። ለልጁ የመጀመሪያው ወዲያው ወደቀ፣ ሁለቱ አለፉ።

ቁጥሩን የት እንደምታነበው ተጠንቀቅ። የመሸጫ ገጾች ላይ የሚጻፈው ልክ ብዙ ጊዜ የካርቶኑ ነው፣ የካርዱ አይደለም። ከዚያም በኢንች ነው። ወደ አምራቹ ገጽ ሂድና Dimensions የሚለውን ፈልግ። በኢንች ብቻ ካገኘኸው በ25.4 አባዛው። 9.25 ኢንች ካለህ 235 ሚሊ ነው። ገጹን ስትከፍት ደግሞ የሞዴሉ ስም ሻጩ ከጻፈው ጋር እስከ መጨረሻው ፊደል አንድ መሆኑን አረጋግጥ። 2X እና 3X በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት፣ ኬዝህ ውስጥ ግን አንዱ ፋን የሚያህል ልዩነት አላቸው።

ርዝመቱን ሁሉም ሰው ያስታውሳል፣ ውፍረቱ ነው የሚረሳው። የማዘርቦርድ ስሎቶች እርስ በርስ 20 ሚሊ ያህል ይራራቃሉ፣ በትክክል 20.32 ነው። ባለ ሁለት ስሎት ካርድ 40 ሚሊ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ቬንተሱ 42 ነው፣ የጊጋባይቱ 41፣ የአሱሱ 38። እነዚህ ሁሉ ሁለት ስሎት ይባላሉ፣ ግን 42ቱ በ2 ሚሊ ያህል ወደ ሦስተኛው ይገባል። ዋይፋይ ካርድ ወይም ሌላ ነገር ሦስተኛው ላይ ካለህ እዚያ ጋ ይጠጋጋሉ። ወደፊት ትልቅ ካርድ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ አስተውል፦ 60 ሚሊ የሚወፍረው ሦስት ስሎት ይዞ ይቀመጣል።

ያንተ ማዘርቦርድ ትንሹ ዓይነት ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ከካርዱ ስሎት በታች ያለውን አካባቢ እይ። ለኬዙ ፊት ዩኤስቢ የሚሄደው ወፍራም ሰማያዊ ወይም ጥቁር መሰኪያ እዚያ ነው? እሱ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው፣ ኬብሉም ደረቅ ነው፣ እንደ ልብህ አይታጠፍም። የሃርድ ዲስክ ኬብሎችም እዚያው ወደ ላይ የሚሰኩበት ቦርድ አለ። አጭር ካርድ አይነካቸውም፣ ረጅሙ ግን በላያቸው ያልፋል። ከስሎቱ ጀምረህ እስከ ፓወር ሳፕላዩ ክዳን ድረስም ለካ። ከካርዱ ውፍረት በላይ ቢያንስ 20 ሚሊ ቢተርፍህ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም የካርዱ ፋን አየሩን የሚስበው ከዚያ ነው። ክዳኑ ላይ ከተለጠፈ ካርዱ ገብቷል፣ ግን ይታፈናል።

ሦስተኛው ልኬት ወደ መስታወቱ ነው። ብዙ ሰው ካርዱ ከገባለት በኋላ ነው መስታወቱ እንደማይዘጋ የሚያውቀው። ቬንተሱ ከማዘርቦርዱ ወደ መስታወቱ አቅጣጫ 124 ሚሊ ነው፣ የአሱሱ 123፣ የጊጋባይቱ 117። የካርዱ ታችኛው ጫፍ ስሎቱ ውስጥ ሲሰኩት ቦርዱን እስኪነካ አይወርድም፣ ስለዚህ ከቦርዱ ላይ ለሚኖረው ከፍታ እኔ 5 ሚሊ እጨምራለሁ። በዚህ ላይ የኃይል ኬብሉ አለ። ባለ 8 ፒኑ መሰኪያ በካርዱ ጠርዝ ላይ ይቆምና ኬብሉ ለመታጠፍ ቦታ ይፈልጋል። እኔ 35 ሚሊ እተውለታለሁ። 124 እና 5 እና 35፣ ድምሩ 164 ይመጣል። ከማዘርቦርዱ ገጽ እስከ መስታወቱ ያለህ ቦታ ከዚህ ካነሰ ኬብሉ መስታወቱ ላይ ይገፋል። የጎረቤቴ ልጅ ኬዝ 165 ነበረው። ለጥቂት ነው ያለፈው።

ቦታ ካነሰህ «ትንሽ ገፋ አድርጌ እዘጋዋለሁ» አትበል። ኬብሉ ሲጫን መሰኪያው ቀስ በቀስ ይንጋደዳል፣ የላላ መሰኪያ ደግሞ ይግላል። በተለይ አዳዲሶቹ ካርዶች ላይ ያለው ባለ 16 ፒን ትንሽ መሰኪያ እንዲህ ያለ ነገር አይችልም። ቀልጦ ያየ ሰው ብዙ ነው። 3060 ላይ በአብዛኛው ባለ 8 ስለሆነ ለጊዜው ተርፈሃል፣ ግን ፓወር ሳፕላይህ ባለ 8 የካርድ ኬብል እንዳለው አሁኑኑ እይ። የፕሮሰሰሩን ኬብል ከእሱ ጋር አታምታታው፣ ሁለቱም 8 ናቸው፣ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይሰካም።

በቁጥር የማታምን ከሆነ የኔን ዘዴ ሞክር። አንድ የኢንዶሚ ካርቶን ውሰድና 235 በ124 በ42 የሆነ ሳጥን ቆርጠህ በፕላስተር ለጥፍ። ኬብሉ በሚሰካበት ቦታ ላይ 35 ሚሊ የሚረዝም ላጲስ አጣብቅበት። አሁን ሳጥኑን በስሎቱ ቦታ አስገባውና መስታወቱን ዝጋ። ስታስገባው እጅህ የት እንደሚጠበው፣ የትኛው ኬብል መንገድ እንደሚዘጋ ያን ጊዜ ታየዋለህ። የጎረቤቴ ልጅ እናት «ምን የካርቶን ቴሌቪዥን ነው የምትሠሩት?» ብለው ስቀውብናል፣ ግን ያ ካርቶን የዩኤስቢ ኬብሉን ወደ ሌላ በኩል ማሳለፍ እንዳለብን አሳየን። ካርዱ ከመጣ በኋላ ቢሆን ኖሮ በጭንቀት ነበር የምናየው።

ርዝመቱ ቢያጥርህ አንድ መውጫ ሊኖር ይችላል። አንዳንድ ኬዝ ላይ የፊት ፋኖቹን ፈትተህ በቆርቆሮውና በፊት ፕላስቲኩ መሃል ማሰር ይቻላል። ከውስጥ 25 ሚሊ ታገኛለህ። ፕላስቲኩን ነቅለህ ክፍተቱን ለካ፣ 25 ከሌለ ተወው። የሃርድ ዲስክ ሳጥኑም በብሎን የታሰረ ከሆነ ይወጣል፣ በሪቬት ከሆነ ግን መሰርሰሪያ ይፈልጋል፣ እሱን አልመክርህም።

ያንተን በተመለከተ፣ ሳላየው ምረጥ ከተባልኩ የአሱሱን ዱዋል ነው የማስመጣው። 200 ሚሊ ካርድ የማይዝ የቆመ ኬዝ እምብዛም አላጋጠመኝም። ቬንተሱ የሚሻልህ ከሆነ ግን ሦስቱን ቁጥሮች፣ እስከ ፋኑ፣ እስከ ፓወር ሳፕላዩ ክዳን፣ እስከ መስታወቱ፣ ዛሬ ማታ ለክተህ እዚህ ጻፍልኝ። ኬዙን በጎኑ ከፍተህ አንድ ፎቶም ጨምር፣ ስሎቱና የዩኤስቢ መሰኪያው ይታይ። የአጎትህ ልጅ ከመግዛቱ በፊት አይቼ እነግርሃለሁ።