«ትናንት ልከናል»፦ ስለ ስህተት መዝገብ ለቋንቋ ተማሪ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎምና በስብሰባ ላይ በማስተርጎም ሠላሳ ዓመት ያህል ከሠራሁ በኋላ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዳርቻ በአለም ገና የጡረታ ዘመኔን እየገፋሁ ነው። የሰፈሩ ወጣቶች እንግሊዝኛቸውን እንዳርምላቸው አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ አብዛኞቹም የትኛው የሰዋስው መጽሐፍ እንደሚሻል ይጠይቁኛል። እኔ ግን መጽሐፍ ከመጠቆሜ በፊት አንድ ተራ ደብተር እንዲገዙና ስህተታቸውን እንዲመዘግቡበት እነግራቸዋለሁ። እንግሊዝኛን ዓመታት የተጠቀመ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው ሕጉን ባለማወቁ ሳይሆን የሚያውቀውን ሕግ አንደበቱ ስለማይታዘዝለት ነውና።

አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ላሪ ሴሊንከር በ1972 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነቱን ስህተት ወደ ድንጋይነት ከተለወጠ ቅሪተ አካል ጋር አመሳስሎ ስም ሰጥቶታል፤ እኔ «የደነደነ ስህተት» እለዋለሁ። የኔው «ዲስከስ አባውት» ማለት ነበር። በአማርኛ «ስለ በጀቱ ተወያዩ» ስለምንል፣ «ስለ» የምትለዋን ቃል እንግሊዝኛው በማይፈልጋት ቦታ ለዓመታት ስጨምራት ኖሬያለሁ። የምጽፈው ቃለ ጉባኤ ለአንባቢው ይገባው ስለነበር ማንም አላረመኝም። ስህተት የሚደነድነውም እንዲህ ነው፤ መልእክቱ እስከ ደረሰ ድረስ ሰሚው አያስቆመንም፣ እኛም ትክክል የተናገርን ይመስለናል።

መዝገቡ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት ከሁሉም የሚሻለኝ የአንዲት የጎረቤቴን ልጅ ጉዳይ መተረክ ነው። ልጅቱ በሰበታ አካባቢ በሚገኝ አንድ የአበባ እርሻ የሽያጭ ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ ጽጌረዳ ለሚገዙ የውጭ ደንበኞች ኢሜይል ትጽፋለች፣ ሲቸኩሉባትም በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ትልካለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በሥራው ላይ አራት ዓመት ብትቆይም እንግሊዝኛዋ ባለበት እንደቆመ ይሰማት ነበር።

ለሁለት ሳምንት አንድም ነገር ለማረም እንዳትሞክርና እንድትመዘግብ ብቻ ነገርኳት። ማታ ማታ የላከቻቸውን ኢሜይሎች መልሳ ታነባለች፣ የድምፅ መልእክቶቿንም ታዳምጣለች፤ ያጠራጠራትን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ትገለብጣለች። ቃል በቃል ማለቴን አጥብቄ እናገራለሁ፤ በትዝታ የተጻፈ ስህተት በግማሽ ታርሞ ነው የሚጻፍና ዋናው ነገር ይጠፋል። ከዓረፍተ ነገሩ አጠገብ ትክክለኛውን አጻጻፍ፣ በጽሑፍ ይሁን በንግግር፣ በጥድፊያ ይሁን በእርጋታ እንደነበረ ትጽፋለች። አንድ ተጨማሪ ዓምድም ነበረው፦ ሳትጠየቅ ራሷ አይታው ነው ወይስ እኔ ነግሬያት? ቅዳሜ ከሰዓት ደብተሩን ይዛ ስትመጣ ያላየቻቸውን እኔ እጨምርላት ነበር።

በሁለቱ ሳምንታት መጨረሻ 43 መስመሮች ተሞልተው ነበር። ልጅቱ ብዛቱን አይታ ደነገጠች፤ እኔ ግን በመጀመሪያ ያደረግሁት አብዛኛውን መሰረዝ ነው። አሥራ ስድስቱ ከድካም የመጡ የፊደል ግድፈቶችና የተዘለሉ ቃላት ነበሩ፤ ስታያቸው ወዲያው የምታርማቸውና በሌላ ቀን የማይደገሙ በመሆናቸው ልምምድ አይገባቸውም። ሌሎቹ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ የታዩ የቃል ምርጫ ስህተቶች ነበሩ። ከሁሉ ተለይቶ 11 ጊዜ የተመላለሰው ግን «ሣጥኖቹን ትናንት ልከናል» የምትለው ዓረፍተ ነገርና ዘመዶቿ ነበሩ፤ በእንግሊዝኛው «ዊ ሃቭ ሴንት ዘ ቦክስስ የስተርደይ» ብላ የጻፈችው ማለት ነው።

ይህ ስህተት የደነደነ ነው ወይስ ገና ያልተማረችው? ይህን ሳይለዩ ልምምድ ማቀድ ጊዜ ማባከን ነው። አሥር ዓረፍተ ነገሮች በወረቀት ላይ ጽፌ፣ ጊዜ ወስዳ ትክክለኛውን የግስ ቅርጽ እንድትመርጥ ሰጠኋት፤ አሥሩንም አገኘች፤ ምክንያቱንም አስረዳችኝ። የስተርደይን የመሰለ ያለቀ ጊዜ ሲጠራ ግሱ ሲምፕል ፓስት ይሆናል፣ ፕሬዘንት ፐርፌክት ግን እንዲህ ካለው ቃል ጋር አይሄድም አለችኝ። ብትስት ኖሮ ትምህርቱን እንደገና እንጀምር ነበር። ሕጉን እያወቀች በሥራ ላይ የምትስት ከሆነ ግን የሚያስፈልጋት ማብራሪያ ሳይሆን በፍጥነት የሚሠራ ልምምድ ነው።

ቀጥሎ ያስቀመጥናቸውን ኢሜይሎችና የድምፅ መልእክቶች እንደገና አገላብጠን ትክክል የሠራቻቸውንም ቆጠርን። ብዙ ሰዎች የሚዘልሉት ይህን ነው፤ ስህተቱን ብቻ የሚቆጥር ሰው ብዙ በጻፈበት ሳምንት የባሰበት፣ ጥቂት በጻፈበት ሳምንት የተሻለው ይመስለዋል። ያለቀ ጊዜ የተጠራባቸው ቦታዎች በጠቅላላ 26 ሆኑ፤ 15ቱ ትክክል፣ 11ዱ ስህተት ነበሩ። ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸውም ያልጠበቅነው ነገር ታየን። ከተሳሳቱት አንዱ ሲቀር ሁሉም የጊዜው ቃል በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የመጣባቸው ነበሩ። ትክክል ከሆኑት መካከል ግን አብዛኞቹ የጊዜው ቃል መጀመሪያ ላይ የተቀመጠባቸው ነበሩ።

ምክንያቱ ከአማርኛችን ይመጣል። እኛ «ትናንት ልከናል» ስንል ዓረፍተ ነገሩ ምንም ጉድለት የለውም፤ እንዲያውም ለአለቃ ወይም ለደንበኛ ስንመልስ «ላክን» ከሚለው ይልቅ «ልከናል» ይቀናናል፣ «ላክን» ወደ ታሪክ ነገራ ያደላልና። ይህን «ልከናል» በትምህርት ቤት ከፕሬዘንት ፐርፌክት ጋር አጣምረን ስለተማርነው፣ ትናንትን ሲያስከትል እንግሊዝኛውም የሚፈቅድ ይመስለናል። ከዚህ ላይ የቃላት ቅደም ተከተል ይጨመራል። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ስለሚመጣ ጊዜው ቀድሞ ተነግሯል፤ በእንግሊዝኛ ግን ግሱ ከአፍ ከወጣ በኋላ ነው የስተርደይ የሚከተለው። ልጅቱ ጊዜውን ስትጠራ ግሱ አምልጧታል።

ልምምዱን ያዘጋጀነውም ይህን ተከትለን ነው። በትናንሽ ወረቀቶች ላይ የጊዜ ቃላት ጻፍን፤ በአንድ በኩል ትናንት፣ ባለፈው ሰኞ፣ ዛሬ በሦስት ሰዓት የመሳሰሉትን፣ በሌላ በኩል እስካሁን፣ ገና፣ ከጥር ጀምሮ የመሳሰሉትን ሁሉ በእንግሊዝኛ። ወረቀቶቹን ቀላቅላ አንዷን ታነሣለች፤ ከሥራዋ የተወሰደ ዓረፍተ ነገር በሦስት ሰከንድ ውስጥ፣ ጊዜውን አስቀድማ፣ ድምፅ አውጥታ ትናገራለች። በመጀመሪያው ሳምንት ጊዜው ሁልጊዜ ፊት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ወደ መጨረሻ ይመለሳል፣ ሦስቱ ሰከንዶች ግን አይጨመሩም። ጠዋት የድርጅቱ ሰርቪስ እስኪመጣ ባለው አሥር ደቂቃ ነበር የምትለማመደው፤ ጎረቤቶች ብቻዋን ስታወራ ሰምተው እናቷን መጠየቃቸውን ቆይቼ ሰማሁ።

ሁለቱን ዓይነት ቃላት ማቀላቀላችን ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ ቅርጽ ብቻ ደጋግሞ የሚለማመድ ሰው ስህተቱን ወደ ሌላው ጎን ያዞረዋል። ልጅቱም መጀመሪያ ላይ ቅልቅሉን ትታ ሲምፕል ፓስቱን ብቻ ትለማመድ ስለነበር፣ ለአንድ አዲስ ደንበኛ «አይ ወርክድ ሂር ፎር ፎር ዪርስ» ብላ ጻፈች፤ ደንበኛውም ሥራ የለቀቀች መስሎት ከእንግዲህ ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ ጠየቃት። ያም ዓረፍተ ነገር ደብተሩ ላይ ተመዘገበ።

ልምምዱ ከተጀመረ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ስንቆጥር ስህተቱ ዜሮ ነበር። ደስ ብሏት ነበር፤ እኔ ግን ቦታዎቹን ስቆጥር ከ26 ወደ 8 ወርደው አገኘኋቸው። ስህተቱን ፈርታ ቀኑን መጥራት ትታ ነበር፤ «ልከናል» ትልና መቼ እንደሆነ አትናገርም፣ ደንበኛው መልሶ ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ሽሽት ዣክሊን ሻክተር የምትባል የቋንቋ ተመራማሪ በ1974 እ.ኤ.አ. አሳይታለች፤ የቻይናና የጃፓን ተማሪዎች በአንድ የእንግሊዝኛ አሠራር ላይ ጥቂት ስህተት የሠሩት አሠራሩን እምብዛም ስላልተጠቀሙበት ነበር። ስለዚህ ልጅቱ በእያንዳንዱ የጭነት ኢሜይል ውስጥ የተላከበትን ቀን መጻፍ ግዴታዋ እንዲሆን ተስማማን።

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ቦታዎቹ 19፣ ስህተቶቹ 2 ሆኑ። ልምምዱን አቁማ ከአንድ ወር በኋላ ስንቆጥር ግን ከ22 ቦታዎች 5ቱ ስህተት ነበሩ። አምስቱም በድምፅ መልእክት የተላኩ ናቸው፤ ሁሉም የጭነት መኪናው ወደ ቦሌ ዘግይቶ በወጣባቸው ምሽቶች። በጽሑፍ የተተወ ስህተት በንግግር፣ በተለይም በጭንቀት ጊዜ፣ ተመልሶ እንደሚመጣ በራሴም አይቻለሁ፤ «ዲስከስ አባውት» ከቃለ ጉባኤዎቼ በጥቂት ሳምንታት ጠፍታ፣ ከአንደበቴ ለመውጣት ግን ከዓመት በላይ ፈጅታብኛለች። ለልጅቱም ወረቀቶቹን በሳምንት አንድ ቀን፣ ከተቀመጠችበት ተነሥታ እየተራመደችና ሰዓት እያየች ለአምስት ደቂቃ እንድትመለስባቸው ነገርኳት።

ስትጀምሩ ሁለት ነገሮችን ተጠንቀቁ። በአንድ ጊዜ ከአንድ የስህተት ዘር በላይ ለልምምድ አትምረጡ፤ ሌላው በደብተሩ ውስጥ ተራውን ይጠብቅ። ደግሞም የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ በእርሳስ ከጻፋችሁት በኋላ መልሳችሁ አትለማመዱት፤ ስትከልሱ በወረቀት ሸፍናችሁ ትክክለኛውን ብቻ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ።

የልጅቱ ደብተር አሁን በሁለተኛው ጉዳይ ላይ ነው። «ምንም እንኳ... ግን» ከሚለው አነጋገራችን የመጣው «ኦልዞው... በት» ባለፈው ቅዳሜ ስንቆጥረው ከዘጠኝ ቦታዎች በስድስቱ ተገኝቷል፤ ወረቀቶቹን ገና እየቆረጥን ነው።