የእቁብ ሂሳብ ሲምታታ እሁዱን ሳይሆን ዕጣውን ቁጠሪ

«ደብረ ብርሃን የእሁድ እቁብ አለኝ። 30 ዕጣ ነው፣ እኔ በግማሽ ዕጣ 500 ብር እጥላለሁ። ከመስከረም 18 ጀምሮ አንድም ቀን አላጓደልኩም፤ ጸሐፊው ግን እስከ ጥር 17 የሁለት ሳምንት ቀርቶብሻል አለኝ። በምን ላሳምነው? ዕጣዬም ገና አልወጣም።»

እህቴ፣ ከመጨቃጨቅሽ በፊት እስካሁን ስንት ዕጣ እንደወጣ ጠይቂው። ብር በተሰበሰበ ቁጥር አንድ ዕጣ ይወጣል። 16 ዕጣ ከወጣ ማንም 18 ጊዜ ሊጥል አይችልም። የመጀመሪያው ያለ ዕጣ ለዳኛው ተሰጥቶ ከሆነ እሱንም ቁጠሪው፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ልዩነቱ 1,000 ብር፣ ልክ የሁለት ጊዜ መጣያሽ ነው። እንዲህ ድፍን ሆኖ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ያልተሰበሰበ እሁድ ተቆጥሯል ማለት ነው። ከመስከረም 18 እስከ ጥር 17 ድረስ 18 እሁዶች አሉ። ዘንድሮ በ2018 ግን ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም፣ ጥር 10 ደግሞ ከተራ እሁድ ውለዋል። በእነዚያ ቀናት ካልተሰበሰባችሁ የሚቀረው 16፣ ያንቺም 8,000 ብር ነው። ጸሐፊው የቆጠረው ካላንደሩን ነው ማለት ነው።

ለወደፊቱ ደብተርሽ ላይ ከቀኑ በፊት የዙሩን ቁጥር ጻፊ፤ ቀጥሎ የጣልሽውን፣ ድምሩን፣ የዕለቱን ባለ ዕጣ ስም። የባለ ዕጣውን ስም አትናቂው፤ ዳኛውም ጸሐፊውም የማይክዱት እሱን ነው። ያልተሰበሰበ እሁድ ሲኖር መስመሩን አትዝለይው፤ ቀኑን ጽፈሽ «አልተሰበሰበም፣ ከተራ» በይና የዙሩን ቁጥር ባዶ ተይው። ለምሳሌ፦

15 | ጥር 3 | 500 | 7,500 | የባለ ዕጣው ስም
– | ጥር 10 | አልተሰበሰበም፣ ከተራ
16 | ጥር 17 | 500 | 8,000 | የባለ ዕጣው ስም

በባንክ ከላክሽ የግብይት ቁጥሩን (ንግድ ባንክ ከሆነ በFT የሚጀምረውን) እዚያው መስመር ላይ ገልብጪ። ስልክ ሲቀየር መልእክቱ አብሮ ይጠፋል። በሰው እጅ ከላክሽ ደግሞ ያደረሰውን ሰው ስም ጻፊ፤ በእሱ ሂሳብ ከገባ ጸሐፊው ጋ የሚታየው የእሱ ስም ነው።

ግማሽ ዕጣ ስለሆነ ተጋሪሽ ማን እንደሆነና ዕጣው በማን ስም እንደሚወጣ ከአሁኑ ጻፊና ሁለታችሁም ፈርሙ። ተራ ከተቀያየራችሁም እንዲሁ፣ ግን ዳኛው ባለበት ይሁን። «በቃል ተስማምተናል» የሚባለው ዕጣው እስኪወጣ ድረስ ነው የሚሠራው።

ሲደርስሽ 15,000 ብሩን በአንድ መስመር አትዝጊው። የሰብሳቢ ተብሎ የሚቀነስ ካለ ለብቻው፣ እጅሽ የገባውን ለብቻው፣ ከዚያ የቀረብሽን ዕዳ ጻፊ። በ17ኛው ዙር ብትበዪ 13 ዙር ይቀርሻል፣ 6,500 ብር። ዋስሽም የሚጠየቀው በዚህ ቁጥር ነውና አንድ ቅጂ ስጪው።