ስለ ትሬቡሼት ለወጣት መሐንዲሶች፦ ጉልበቱ ከየት መጥቶ የት ይገባል?

ውድ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍሁት ክሬንና ዊንች በመትከልና በመፈተሽ ነው። ከባድ ነገር ወደ ላይ የሰቀለ ሰው፣ የሰቀለው ነገር ሲወርድ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አይረሳም። ከእናንተ አንዳንዶቹ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት ትሬቡሼት የሚባለውን የመካከለኛው ዘመን ድንጋይ ወርዋሪ ልትሠሩ እንደምታስቡ ስለሰማሁ ይህን እጽፍላችኋለሁ። እንጨትና ሚስማር ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትነሡ እፈልጋለሁ፤ ጉልበቱ ከየት መጥቶ የት ይገባል? የዚህ መሣሪያ ምስጢር በሙሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያው ሲታይ ቀላል ነው። በሁለት ረጃጅም ማማዎች መካከል በብረት ዘንግ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ግንድ አለ። ዘንጉ ግንዱን እኩል አይከፍለውም፤ አንዱ ወገን አጭር ሲሆን ሌላው አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት እጥፍ ይረዝማል። በአጭሩ ጫፍ አፈር፣ ድንጋይ ወይም እርሳስ የተሞላ ሣጥን ይንጠለጠላል። በረጅሙ ጫፍ ወንጭፍ ይታሰራል። ረጅሙን ክንድ በዊንች ወደ መሬት ሲጎትቱት ሣጥኑ ወደ ላይ ይወጣል፤ መያዣው ሲለቀቅ ሣጥኑ ይወድቃል፣ ክንዱ ይነሣል፣ ወንጭፉም ድንጋዩን ይዞ ይዞራል።

ከዚህ በፊት የነበረው መሣሪያም ይኸው ዓይነት ክንድና ወንጭፍ ነበረው። የጎደለው ሣጥኑ ነው። በሣጥኑ ምትክ በአጭሩ ጫፍ ብዙ ገመድ ይታሰርና ሰዎች በአንድ ድምፅ ወደ ታች ይጎትቱት ነበር። መነሻው ቻይና ነው፤ በስድስተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወደ ሜዲትራንያን አካባቢ ደርሷል። በ1044 የተጠናቀረ የቻይናውያን የጦር መሣሪያ መዝገብ፣ ትልቁ ዓይነት 250 ጎታቾች እንደሚያስፈልጉት፣ ወደ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድንጋይም 50 እርምጃ እንደሚወረውር ይገልጻል። ያ የቻይና እርምጃ በእኛ ልኬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ርቀቱ ወደ 80 ሜትር ይደርሳል።

እስቲ አብረን እናስላው። በ45 ዲግሪ ተወርውሮ 80 ሜትር የሚሄድ ድንጋይ ሲለቀቅ ፍጥነቱ በሰከንድ 28 ሜትር ነው። 60 ኪሎ ግራም በዚህ ፍጥነት ሲሄድ የሚይዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ 23,500 ጁል ነው። ይህን ለ250 ሰው አካፍሉት። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከ100 ጁል ያነሰ ነው፤ አሥር ኪሎ ግራም እህል አንድ ሜትር ከማንሣት አይበልጥም። እነዚያ ሰዎች ደካሞች ስለነበሩ አይደለም። መጎተት የሚችሉት ክንዱ ወርዶ እስኪያበቃ ድረስ ባለው ቅጽበት ብቻ ነው። ገመዶቹ ወደ ጎን ስለሚዘረጉ ከመሐል የራቀው ሰው የሚጎትተው በአግድም ነው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይስባል። ሰው መጨመርም ብዙ አያተርፍም፤ የሚጨመረው ሰው የሚቆመው ከቀደሙት ርቆ ነውና።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንምጣ። ስድስት ቶን የሚመዝን ሣጥን አራት ሜትር ወደ ላይ ቢወጣ በውስጡ የሚከማቸው እምቅ ጉልበት ክብደቱ በከፍታው ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ ወደ 235,000 ጁል። ቻይናውያኑ 250 ሰዎች ለድንጋዩ ካደረሱት አሥር እጥፍ ማለት ነው። ይህን ለማከማቸት ስንት ሰው ያስፈልጋል? ዊንች የሚያዞር ሰው ሳይደክም ለጥቂት ጊዜ 75 ዋት ያህል ሊሰጥ ይችላል። አሥር ሰዎች 750 ዋት ይሰጣሉ፤ በስሌቱ አምስት ደቂቃ ይበቃቸዋል። የገመዱንና የዘንጉን ፍትጊያ፣ የመተንፈሻውንም ጊዜ ጨምሩበትና ሩብ ሰዓት ይሁን። ሣጥኑ ግን የሚወርደው በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ መሣሪያው የሚያወጣው ከ150,000 ዋት በላይ ነው።

ትልቁ እርምጃ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አሥሩ ሰዎች ከ250ዎቹ የበለጠ ብርቱ አልሆኑም፤ የበለጠ ጊዜ አገኙ እንጂ። ጉልበት የሚሰበሰብበት ጊዜ ጉልበት ከሚወጣበት ጊዜ ተለየ። ሣጥኑም እንደ ጎታቾቹ አይሰለችም፣ አይዘገይም፤ ከማለዳ እስከ ማታ በአንድ ልክ ይወድቃል።

ነገር ግን የተከማቸ ጉልበት ብቻውን ድንጋይ አያርቅም። ሣጥኑ ሲወድቅ የሚንቀሳቀሰው ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ግንዱም ራሱ ብዙ መቶ ኪሎ ግራም ወይም ከቶን በላይ ይመዝናል። ድንጋዩ በግንዱ ጫፍ ላይ በማንኪያ መሰል ጎድጓዳ ቢቀመጥ ኖሮ ግንዱ በሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሳለ ድንጋዩ ይለየው ነበር፤ የግንዱና የሣጥኑ ጉልበት ማማውን ከመቀጥቀጥ በቀር ጥቅም አይሰጥም። ወንጭፉ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ማሽላ ሲጠብቅ ወንጭፍ የወረወረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ክንዱ ሊቆም ሲል ድንጋዩ ይፈጥናል። በትሬቡሼቱም ወንጭፉ መጀመሪያ ከግንዱ ሥር በተዘረጋ የእንጨት አሸንዳ ላይ ተኝቶ ይጎተታል፣ ከዚያ ከኋላ ይነሣል፣ በመጨረሻም ከግንዱ ጫፍ አልፎ ወደ ውጭ ይፈናጠራል። ወደ ውጭ ሲፈናጠር ግንዱን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ግንዱ ይዘገያል፣ በእርሱ በኩልም ሣጥኑ ይዘገያል። በደንብ በተስተካከለ መሣሪያ ድንጋዩ በሚለቀቅበት ቅጽበት ግንዱ ቀጥ ብሎ ሊቆም ጥቂት የቀረው ሲሆን ሣጥኑም ታች ደርሶ ጸጥ ያለ ይመስላል። ጉልበቱ ወደ ድንጋዩ ተላልፏል ማለት ነው። ሣጥኑ በማጠፊያ ተንጠልጥሎ የሚሠራውም ስለዚሁ ነው፤ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ ክብ ከሚሠራ ይልቅ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ማማውንም ያን ያህል አያናውጥም።

ጉልበቱ አንድም ሳይባክን ወደ ድንጋዩ ቢገባ ርቀቱን የሚሰጠው ቀመር አጭር ነው።

R = 2 × (M/m) × h

R ርቀቱ፣ M የሣጥኑ ክብደት፣ m የድንጋዩ፣ h የሣጥኑ መውደቂያ ከፍታ ነው። ለስድስት ቶን፣ ለ60 ኪሎ ግራምና ለአራት ሜትር 800 ሜትር ይወጣል። ከጉልበቱ ሲሶው ብቻ ለድንጋዩ ቢደርስ እንኳ ርቀቱ ከ260 ሜትር ያልፋል። ያው 60 ኪሎ ግራም በ250 ሰዎች 80 ሜትር ነበር የሄደው። በ80 ሜትር የቆመ ጎታች ቅጥሩ ላይ ላለ ቀስተኛ ቅርብ ዒላማ ነው፤ በ260 ሜትር ላይ ዊንች የሚያዞር ግን አይደለም።

ቀመሩን ያየ ተማሪ ድንጋዩን አቅልሎ ርቀቱን ማብዛት ያምረዋል። በ1850 በፈረንሳይ ቬንሴን የተደረገው ሙከራ ይህን ሐሳብ ይመልሳል። በኋላ ናፖሌዎን ሦስተኛ ተብሎ የነገሠው ሰው ያሠራው ትሬቡሼት ክንዱ ከአሥር ሜትር በላይ፣ የሣጥኑ ክብደት 4,500 ኪሎ ግራም ነበር። 12 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የመድፍ ጥይት የወረወረው 175 ሜትር ነው። ሣጥኑ ሁለት ሜትር ብቻ ወርዷል ብንል እንኳ ቀመሩ 1,500 ሜትር ይሰጣል። የደረሰው ከስምንት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የሣጥኑ ክብደት የጥይቱን ወደ 375 እጥፍ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ግንዱን ወደ ኋላ ስቦ ሊያዘገየው አይችልም፣ ስለዚህ አብዛኛው ጉልበት በግንዱና በሣጥኑ ቀርቶ ወደ ማማው ይገባል። በእኔ ግምት ለጀማሪ ድንጋዩ ከሣጥኑ ክብደት መቶኛውን ያህል የሚሆንበት ምጣኔ ይሻላል።

በመጠምዘዝ የሚሠሩት የግሪክና የሮማ መሣሪያዎች ጉልበታቸውን የሚያከማቹት በተጠማዘዘ ጅማትና ፀጉር ነበር። ብርቱዎች ነበሩ። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ጆሴፈስ በ70 በኢየሩሳሌም ከበባ አንድ መክሊት፣ ማለትም 26 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝኑ ድንጋዮች ሁለት ስታድዮንና ከዚያ በላይ ይበሩ እንደነበር ጽፏል፤ ይህ ከ350 ሜትር ይበልጣል። ቁጥሩን ብዙዎች ይጠራጠሩታል። እውነት ቢሆን እንኳ ጅማት ሲረጥብ ይላላል፣ ተወጥሮ ሲቆይ ይደክማል፣ ድንጋዩ ሲከብድም የጅማቱ ጥቅልና የሚይዘው ፍሬም ሊሸከሙት ከሚችሉት በላይ ማደግ አለባቸው። ሣጥን ግን አፈር ሲጨመርበት ይበረታል። ትሬቡሼት ቀደምቶቹን በርቀት በለጠ ስንል በተለይ ስለ ከባድ ድንጋይ መናገራችን መሆኑን አትርሱ።

ልዩነቱ በጦር ሜዳ የታየበትን አንድ ቦታ ልጥቀስ። የሞንጎሎች ሠራዊት ከ1267 ገደማ ጀምሮ በቻይና ሺያንግያንግንና በወንዙ ማዶ ያለችውን ፋንቼንግን ከብቦ ለዓመታት ሊይዛቸው አልቻለም። ኩብላይ ካን ከፋርስ ኢስማኢልና አላ አል-ዲን የተባሉ መሐንዲሶች አስመጣ። የሠሩት መሣሪያ 150 ጂን፣ ወደ 90 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድንጋይ ይወረውር ነበር። በ1273 መጀመሪያ ፋንቼንግ ተሰበረች፤ ብዙም ሳይቆይ ሺያንግያንግ እጇን ሰጠች። በሰው ጉተታ የሚሠራውን መሣሪያ ከማንም በላይ የሚያውቁት ቻይናውያን ነበሩ።

ዋጋው ደግሞ ክብደቱ ነው። በ1291 በሜዲትራንያን ዳር ላለችው ለአካ ከተማ ከበባ አል-መንሱሪ የተባለው ትሬቡሼት ተፈታትቶ በመቶ ጋሪ ተጫነ። ከጋሪዎቹ አንዱን የመራው ወጣቱ አቡ አል-ፊዳ፣ በደህና ጊዜ በስምንት ቀን የሚያልቀው መንገድ በዝናቡና በበረዶው ምክንያት አንድ ወር እንደፈጀ ጽፏል።

ሞዴላችሁን ስትሠሩ ከሁሉ በላይ የሚያደክማችሁ በግንዱ ጫፍ ያለው ትንሽ መንጠቆ ይሆናል። ከወንጭፉ ሁለት ገመዶች አንዱ በግንዱ ላይ በቋሚነት ይታሰራል፤ ሌላው በቀለበት መንጠቆው ላይ ይንጠለጠላልና በትክክለኛው ማዕዘን ሾልኮ ይወጣል። ድንጋዩ ወደ ሰማይ ወጥቶ አጠገባችሁ ቢወድቅ ወይም ወደ ኋላ ቢሄድ ቀለበቱ ቀድሞ ወጥቷል፤ መንጠቆውን ጥቂት ወደ ፊት አጥፉት። ድንጋዩ ዝቅ ብሎ ከፊት ለፊት መሬት ቢመታ ዘግይቷል፤ መንጠቆውን አቃኑት። ስለዚህም ከመሣሪያው ኋላም ሆነ ፊት ማንም አይቁም። በየውርወራው ድንጋዩን መዝኑ፤ ክብደቱ ከተለዋወጠ የመንጠቆውን ስሕተት ከድንጋዩ ልዩነት መለየት አትችሉም። ከዚያም በስልካችሁ በዝግታ የሚታይ ቪዲዮ ከጎን ቅረጹና ድንጋዩ የተለቀቀበትን ምስል ፈልጉ። በዚያች ምስል ላይ ሣጥኑ ገና እየወረደ ከሆነ ወንጭፉን ጥቂት አስረዝሙ፤ ግንዱ ቆሞ ተመልሶ መሄድ ከጀመረ አሳጥሩት። በየጊዜው ከአንድ ነገር በላይ አትለውጡ።