ሳንቲሙን በሙሉ ቁጥር፣ ቫቱን ከድምሩ

ጥያቄ፦ «ሐረር ውስጥ ለአንድ የጅምላ መደብር በጃቫስክሪፕት የሽያጭ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። የየመስመሩ ቫት ሲደመር ከጠቅላላው ቫት በጥቂት ሳንቲሞች ይለያል። ሁሉንም በ`toFixed(2)` ባሳልፈው ይስተካከላል?»

አይስተካከልም ወንድሜ። እኔም ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ላሉ መደብሮች ይህንኑ ሥራ ስለምሠራ ጉዳዩን በደንብ አውቀዋለሁ። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይደባለቃሉ።

የመጀመሪያው ከነጥብ በኋላ ርቆ የሚታየው ነው። 19.99ን በ100 ብታባዛ 1998.9999999999998 ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለውን ክፍልፋይ በሁለትዮሽ አሃዝ በትክክል መያዝ አይችልምና። ትርፉን ከቆረጥህ አንዲት ሳንቲም ጠፋች ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋው ገና ሲገባ በ`Math.round` ወደ ሳንቲም ቀይረውና ከዚያ በኋላ 1999 የሚል ሙሉ ቁጥር ብቻ ይዘህ ሥራ። ነጥቡ የሚመለሰው ደረሰኙ ሲታተም ብቻ ነው።

ያንተ ልዩነት ግን ሙሉ ሳንቲም ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ችግር፣ ማጠጋጋት፣ ይመስለኛል። ይህ በሙሉ ቁጥር ብትሠራም አይጠፋም። እያንዳንዳቸው 12.30 ብር የሆኑ 10 መስመሮችን ውሰድ። የ1230 ሳንቲም 15 በመቶ 184.5 ነው፤ በየመስመሩ ሲጠጋጋ 185፣ ሲደመር 18.50 ብር ይሆናል። ከ123 ብሩ ድምር በቀጥታ ካሰላኸው ግን 18.45 ብር ነው። መስመሩ በበዛ ቁጥር ልዩነቱም ሊሰፋ ይችላል።

እኔ የምመርጠው ቫቱን እስከዚያ መስመር ከተጠራቀመው ድምር አስልቶ፣ ቀደም ሲል የተመደበውን መቀነስ ነው፦

```
let base = 0, prev = 0;
for (const line of lines) {
  base += line.santim;
  const vat = Math.floor((base * 15 + 50) / 100);
  line.vat = vat - prev;
  prev = vat;
}
```

በምሳሌያችን መስመሮቹ 185፣ 184፣ 185፣ 184 እያሉ ይፈራረቃሉ፤ ድምራቸው ልክ 1845 ሳንቲም ይመጣል። ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት መስመሮች በአንድ ሳንቲም ሊለያዩ እንደሚችሉ ለመደብሩ ሒሳብ ሠራተኛ አስቀድመህ ንገር፤ አለበለዚያ ስህተት ነው ብለው ይመልሱልሃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑን ፈትን። እነዚያኑ 10 መስመሮች በመለማመጃ ሁኔታ አስገባና ቫቱን ተመልከት። 18.50 ካወጣ ማሽኑ በየመስመሩ ያጠጋጋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የእኔን ምርጫ ተወውና እሱን ተከተል። የታተመው ደረሰኝና የፕሮግራምህ መዝገብ መለያየታቸው ከማንኛውም አጠጋግ የከፋ ነው።

እቃ ሲመለስም ቫቱን እንደ አዲስ አታስላ። 184 የተመደበለት መስመር ለብቻው ሲሰላ 185 ይሆንና ከተከፈለው በላይ ትመልሳለህ። የየመስመሩን ቫት ከሽያጩ ጋር በሙሉ ቁጥር አስቀምጥና ሲመለስ ያንኑ ቀንስ።